የሬስቶራንት ኩሽና የቅባት እሳት፣ ሁድና የዳክት ጽዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው ሌሊት ሌሊት ከሬስቶራንት ምድጃ በላይ ጭስ የሚስበውን ሁድና ጭሱን ወደ ጣሪያ የሚያወጣውን ዳክት ስንጠርግ፣ ባለቤቶችና ሼፎች ደጋግመው የሚጠይቁን እነዚህን ነው።

ዘይት እሳት ሳይነካው እንዴት በራሱ ይነዳል?

የተጣራ የምግብ ዘይት ሲጠበስበት ሙቀቱ ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 230 አካባቢ ሲደርስ መጨስ ይጀምራል። ከዚያም ማንም ሳያየው ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ ከ350 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ነበልባል ባይነካውም ራሱ ይያያዛል። ስለዚህ ጭሱ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ ተጠብሶበት የጠቆረ ዘይት ደግሞ ከአዲሱ ቀድሞ ይጨሳል፣ ቀድሞም ይነዳል።

በብዙ ዘይት የሚጠበስበት ፍሪየር ላይ ሁለት መቆጣጠሪያ አለ። አንደኛው የጥብሱን ሙቀት የሚጠብቀው ቴርሞስታት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲበላሽ ጋዙን ጭራሽ የሚዘጋው የመጨረሻ መቁረጫ ነው። አንድ ፍሪየር በሥራ ሰዓት እየደጋገመ ከጠፋባችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቴርሞስታቱ ነው፤ ዘይቱን ከልክ በላይ ሲያሞቀው መቁረጫው ሥራውን ይሠራል። ይህን እንደ እንከን ቆጥረው "ሽቦውን አገናኝልንና ይሥራ" የሚሉ አሉ፤ የሚያገናኝም ጠጋኝ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ በዘይቱና በ350 ዲግሪ መካከል የሚቆም ነገር የለም።

ድስት ወይም መጥበሻ ላይ እሳት ቢነሳ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ጋዙን ይዝጉ፤ ከዚያ የብረት ክዳን ወይም ትሪ ከፊትዎ ወደ ኋላ እየገፉ ይክደኑት። ክዳኑን ከላይ ቁልቁል ከጣሉት ነበልባሉ ወደ እጅዎ ይመለሳል። ከከደኑት በኋላ አያንሱት። እሳቱ ቢጠፋም ዘይቱ ገና ከሚነድበት ሙቀት በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ አየር እንዳገኘ እንደገና ይያያዛል። ድስቱ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ይቆይ። እየነደደ ያለ መጥበሻ ይዞ ወደ በር መሮጥ ደግሞ በዚህ ሥራ ካየኋቸው ቃጠሎዎች የከፋውን ያደረሰ ነው፤ የሚፈሰው በራስ እግር ላይ ነው።

ፍሪየር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። 15 ወይም 20 ሊትር የጋለ ዘይት በክዳን አይታገሉትም። ሁዱ አውቶማቲክ ማጥፊያ ካለው መውጫው አጠገብ ያለውን እጀታ ይሳቡ። እጀታው ፈሳሹን ያስረጫል፣ ጋዙንም ይዘጋል። የእጅ ማጥፊያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ተጨማሪ ካስፈለገ ብቻ ነው። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም በዚሁ ቅደም ተከተል ያዛል፤ ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ይሠራል።

ውሃስ ለምን አይሆንም?

ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። እዚያ የሚጠብቀው 300 ዲግሪ ያለፈ ዘይት ነው። ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ወደ 1,700 እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከአንድ በርሜል የበለጠ እንፋሎት ይሆናል ማለት ነው። እንፋሎቱ የሚወጣው በላዩ ያለውን ዘይት አቡንኖ ነው፤ የቡነነው ዘይት ደግሞ በአየር ላይ ሁሉም በአንዴ ይነዳል። ያ ነበልባል ጣሪያ ይደርሳል፤ መጀመሪያ የሚያገኘውም ሁዱን ነው።

ቀይ ሲሊንደር ያለው ፓውደር ማጥፊያ አለን። ሌላ መግዛት አለብን?

አዎ። ፓውደሩ ነበልባሉን ለጊዜው ይደፍቀዋል፤ ዘይቱን ግን አያቀዘቅዘውም፣ ስለዚህ ደቂቃ ሳይሞላ ይመለሳል። ግፊቱም ዘይቱን ከመጥበሻው ሊያፈናጥረው ይችላል። ለኩሽና የተሠራው በአሜሪካ ክላስ ኬ፣ በአውሮፓ ክላስ ኤፍ የሚባለው ነው። በውስጡ ያለው የፖታሲየም ጨው የተቀላቀለበት ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ የጋለ ዘይት ሲነካ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ አያቶቻችን ከጮማና ከአመድ ሳሙና የሠሩበት ያው መንገድ ነው። የሳሙናው አረፋ ዘይቱን ይከድነዋል፣ ውሃው ያቀዘቅዘዋል። የተለመደው ፓውደር አሲድነት ስላለው ቀድሞ ከተረጨ ይህን አረፋ ያፈርሳል፤ ሁለቱን ማደባለቅ ስለዚህ አይጠቅምም። የአሜሪካው ደንብ ክላስ ኬ ማጥፊያ ከመጥበሻው በ9 ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲገኝ ይጠይቃል።

በሁዱ ውስጥ ያለው አውቶማቲክ ማጥፊያም ዓይነቱ ይታይ። ዩ-ኤል 300 የሚባለው የኩሽና ማጥፊያዎች ፈተና እ.ኤ.አ. በኅዳር 1994 ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የተተከሉት ብዙዎቹ በፓውደር የሚሠሩ ነበሩ። የተሠሩትም ለእንስሳት ስብ ነው። ሬስቶራንቶች ወደ አትክልት ዘይትና ሙቀት ወደሚይዙ አዳዲስ ፍሪየሮች ሲዞሩ፣ አሮጌዎቹ እሳቱን አጥፍተው እንደገና ሲነሳ ማቆም አቃታቸው። የቆየ ቤት ሲከራዩ ይህን መጠየቅ አይርሱ።

ፊልተር እያለ ዳክቱ ለምን ይቆሽሻል?

ፊልተሩ የሚይዘው ጠብታውን እንጂ እንፋሎቱን ስላልሆነ ነው። የሬስቶራንት ሁድ ላይ መሆን ያለበት ፊልተር የታጠፉ የብረት ሳህኖች ተደርድረው የተሠራ ነው። ጭሱ በእጥፋቶቹ መካከል በድንገት ሲታጠፍ፣ ከበድ ያለው የቅባት ጠብታ መታጠፍ አቅቶት ከብረቱ ጋር ይጋጭና ወደ ታችኛው ቦይ ይንጠባጠባል። ገና በእንፋሎት መልክ ያለው ቅባት ግን ከአየሩ ጋር ያልፋል። ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛውን የዳክት ግድግዳ ያገኛል፤ ቡና ሲፈላ ክዳን ላይ እንደሚጠራቀመው ውሃ እዚያ ይለጠፋል። ስለዚህ የቱንም ያህል ፊልተር ቢታጠብ ዳክት መቆሸሹ አይቀርም፤ ፍጥነቱ ብቻ ይቀንሳል።

ሁለት ስሕተት በየቤቱ እናያለን። አንደኛው ፊልተሩን ከታጠበ በኋላ በጎን መግጠም ነው። እጥፋቶቹ ቁልቁል መሆን አለባቸው፤ አግድም ከሆኑ ቅባቱ ሳይወርድ እንደ ገበታ ላይ መረቅ ተኝቶ ይቀራል። ሁለተኛው አንድ ፊልተር ሲጠፋ ወይም ሲጣመም ቦታውን ክፍት መተው ነው። ነበልባል በሁለት ጥሩ ፊልተሮች መካከል ያለውን አንድ ቀዳዳ ይመርጣል። በሽቦ መረብ የተሠራው ቀጭኑ የቤት ፊልተር ደግሞ ራሱ ቅባት ጠጥቶ የሚነድ ስለሆነ ለሬስቶራንት አይፈቀድም።

ፊልተሩን ማን ይጠበው? በየስንት ጊዜ?

ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ፍሪየርና ጥብስ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ኩሽና በየማታው፣ ወጥ ብቻ የሚሠራ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን። ምድጃው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ አውጥታችሁ፣ በሙቅ ውሃና ቅባት በሚያሟሟ ዲግሪዘር ዘፍዝፋችሁ አጥባችሁ፣ ደርቆ ይመለስ። "አንዱ ስብስብ ይታጠብ፣ እስከዚያ ያለ ፊልተር እንሥራ" የሚባል ነገር የለም። ትርፍ ስብስብ መግዛት ይሻላል። ፊልተሩ አሉሚኒየም ከሆነ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሙ፤ ብረቱን ያጠቁረዋል፣ እየበላም ያሳሳዋል። በሳህን ማጠቢያ ማሽን የሚያጥቡም አሉ፣ ያም ይሆናል።

ዳክቱስ በየስንት ጊዜ?

በአሜሪካ የሚሠራበት ደንብ የብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር ኤን-ኤፍ-ፒ-ኤ 96 ነው። በከሰል ወይም በእንጨት የሚበስልበት ቤት በየወሩ፤ 24 ሰዓት የሚሠራ ወይም በግሪልና በዎክ ብዙ የሚጠብስ በየሦስት ወሩ፤ መካከለኛው በየስድስት ወሩ፤ አልፎ አልፎ የሚበስልበት ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ኩሽና በዓመት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ደንቡ በእነዚህ ጊዜያት "ይፈተሽ" ነው የሚለው። ሲፈተሽ ቆሽሾ ከተገኘ ይጠረጋል፤ ንጹሕ ከሆነ ገንዘብ መክፈል አይጠበቅባችሁም። መለኪያውም ማበጠሪያ የመሰለ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ቅባቱ ላይ ሲጎተት ጥልቀቱን ያሳያል። ዳክት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መጠረግ አለበት። የእንግሊዞቹ መመሪያ ከዚህ እጅግ ይጠብቃል፤ በአማካይ 0.2 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይጠረግ ይላል።

አብዛኛው የሐበሻ ሬስቶራንት የሚወድቀው በሦስት ወሩና በስድስት ወሩ መካከል ነው። ጾም ሲገባ ሥጋ ስለማይጠበስ ቅባቱ ይቀንሳል ብለው የሚገምቱ አሉ። እኛ የምናየው ሌላ ነው፤ በሁዳዴ ሳምቡሳውና ዓሣው ፍሪየሩን አያሳርፈውም። የአትክልት ዘይት ቅባት ደግሞ ከሥጋ ስብ ይልቅ ይጠነክራል። በሙቀት ሲቆይ እንደ ቫርኒሽ ቢጫ ሆኖ ብረቱ ላይ ይጋግራል፤ ሙቅ ውሃ ብቻውን አያነሳውም፣ በመፋቂያ ካልሆነ።

2 ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ያስፈራል?

እንቁጠረው። ባለፈው ዓመት በቨርጂኒያ የሠራንበት አንድ ቤት ዳክቱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከሁዱ ተነስቶ በኮርኒሱ ላይ አግድም ሄዶ፣ በክርን ታጥፎ ወደ ጣሪያ ሲወጣ በጠቅላላው 8 ሜትር ይረዝማል። አራቱ ጎኖች ሲደመሩ ዙሪያው 1.6 ሜትር፤ በ8 ሜትር ሲባዛ የውስጥ ገጹ 12.8 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቅባት ማለት 25 ሊትር ከግማሽ ነው። አንድ ትልቅ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ዘይት በኮርኒሳችሁ ላይ ተቀብቶ፣ ከታች ምድጃ ተጥዶበት፣ ከላይ ፋን አየር እየሳበለት ተቀምጧል።

ደግሞም ቅባት በእኩል አይለጠፍም። የዚያ ቤት የቁም ክፍል አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልሞላም ነበር። የአግድሙ ክፍል ወለል ላይ ግን ስንለካ 6 ሚሊ ሜትር አገኘን፣ ክርኑ ላይ ከዚያም በላይ። የሁዱ ግድግዳ ላይ የሌላ ድርጅት ስቲከር ተለጥፏል፤ ከአራት ወር በፊት እንደተጠረገ ይናገራል። ሁዱ ከውጭ ያብረቀርቃል፣ ፋኑም ንጹሕ ነው። ችግሩ ክርኑ አጠገብ መክፈቻ በር አለመኖሩ ነበር፤ ከታችም ከላይም እጅ አይደርስም። የቀደሙት ሰዎች የደረሱበትን ጠርገው ሄደዋል፤ ያልደረሱበትን ግን ለባለቤቱ አልነገሩትም። እኛ በር ቆርጠን ስንገባ ከዚያ ከአንድ ክርን ብቻ ሁለት ባልዲ ቅባት አወጣን። ደንቡ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥርና በአግድም መስመር በየ3.7 ሜትሩ ሰው የሚያጸዳበት በር እንዲኖር የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አንድ የጽዳት ሌሊት ምን ይመስላል?

ወጥ ቤቱ ከዘጋ በኋላ ምድጃዎቹ እስኪቀዘቅዙ እንጠብቃለን። ከዚያ ጋዙ ይዘጋል፣ ትንንሾቹ መነሻ ነበልባሎች ይጠፋሉ፣ የፋኑ መብራት ከምንጩ ተቋርጦ ይቆለፋል። ሰው እጁን ፋን ውስጥ ከትቶ ሳለ ሌላው ከታች ማብሪያውን እንዳይነካ ነው። ምድጃዎቹ በላስቲክ ይሸፈናሉ፤ ከሁዱ ጠርዝ ላይ ሌላ ላስቲክ እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ በርሜል ይወርዳል። የማጥፊያው አፍንጫዎችና ሙቀት ሲነካቸው የሚቀልጡት ማያያዣዎች እንዳይመቱ ይጠበቃሉ፤ ስሕተት ቢሠራ ያ ሁሉ ፈሳሽ ምድጃው ላይ ይራገፋል።

ሥራው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ፋኑ በማጠፊያው ተገልብጦ ምላጮቹ ይፋቃሉ፣ ቀጥሎ ዳክቱ በየበሩ፣ በመጨረሻ ከፊልተሩ በስተጀርባ ያለው የሁዱ ሆድ። ወፍራሙ ቅባት በደረቁ ይፋቃል፤ ዲግሪዘር ተረጭቶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በግፊት ሙቅ ውሃ ይታጠባል። ሳይፋቅ ውሃ መርጨት ቅባቱን ከላይ ወደ ታች ማዛወር ብቻ ነው። ቤንዚንና የመሳሰለ የሚነድ ፈሳሽ በፍጹም አይገባም፤ "ለኩሰን እናቃጥለው" የሚለው አሮጌ ዘዴም እንደዚያው። በርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመው ቆሻሻ መንገድ ዳር ወዳለው የዝናብ ፍሳሽ አይደፋም።

ሲያልቅ ፋኑ ተከፍቶ የሚዞርበት አቅጣጫ ይታያል። የዚህ ዓይነት ፋን ተገልብጦ ቢዞር እንኳ አየር ወደ ውጭ ይገፋል፣ ግን ከአቅሙ በታች። ሽቦው ተፈትቶ ሲታሰር ቦታ ተቀያይሮ ለወራት እንዲሁ ሲዞር የኖረ ፋን አጋጥሞናል፤ ባለቤቷ "ከጸዳ ወዲህ ይባስ ጭስ ይዞናል" እያለች ነበር፣ የሰማት ግን አልነበረም።

ድርጅቱ በእርግጥ እንደጠረገ በምን አውቃለሁ?

ስቲከሩን ሳይሆን ፎቶውንና ሪፖርቱን ይጠይቁ። ፎቶው የፋኑ፣ የእያንዳንዱ በር ውስጥና የሁዱ ሆድ ከመጠረጉ በፊትና በኋላ መሆን አለበት። የሁዱ የውጭ ፊት ፎቶ ምንም አይነግርም። ሪፖርቱ ደግሞ ያልተደረሰባቸውን ቦታዎች በስማቸው መዘርዘር ግዴታው ነው። "ሁሉም ተጠርጓል" የሚል አንድ መስመር ብቻ ካለበት፣ "ክርኑ ጋ በየት በኩል ገባችሁ?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ላይ ብዙ ይታወቃል። ኢንሹራንስ ያለችግር እንዲከፍልም እነዚህ ወረቀቶች ፋይል ውስጥ መኖር አለባቸው።

በጽዳቶች መካከል ቤቱ ራሱ ይናገራል። ጭስ በሁዱ ፊት ጠርዝ ሲገነፍል፣ የዳክቱ መጋጠሚያ ላይ ቡናማ ጠብታ ሲታይ፣ ኮርኒስ ላይ የዘይት ክብ ሲወጣ፣ ፋኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ቀጠሮው ባይደርስም ይደውሉ። ፋን የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ ቅባቱ ምላጮቹ ላይ በእኩል ስላልተለጠፈ ነው።

ሸክላ ጥብስ እናቀርባለን። ከሰሉ ችግር አለው?

አለው፣ ከሚታሰበው በላይ። ደንቡ ከሰልን ከጋዝ ይለያል። ከሰል የሚነድበት ምድጃ የራሱ ሁድ፣ የራሱ ዳክትና የራሱ ፋን ይፈልጋል፤ ከፍሪየሩ ጋር በአንድ ዳክት አይወጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፍንጣሪ ከቅባት ጋር በአንድ ቱቦ ይገናኛል። ምርመራውም በየወሩ ይሆናል። ብዙ ቤት የሚያደርገው ግን ከሰሉን በጋዝ ምድጃው ላይ፣ ከፍሪየሩ አጠገብ፣ በዚያው ሁድ ሥር ማቀጣጠል ነው። እያራገቡ ሲያያይዙት ፍንጣሪው ቀጥታ ወደ ፊልተሩ ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ።

ሸክላው ውስጥ የምትገባ ጥቂት ፍም እንዴት እንደምትቆጠር የሚወስነው የአካባቢያችሁ የእሳት አደጋ መርማሪ ነው፤ ምናሌው ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁት። ምግቡን በጋዝ ጠብሰው ሸክላውን በምድጃ አግለው ያለ ፍም የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ጣዕሙ ላይ ክርክር ቢኖርም ዳክቱ አያጉረመርምም። አመዱ በማንኛውም መንገድ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ይጣል፤ የቡናው ከሰል ጭምር።

እሳቱ ዳክቱ ውስጥ ከገባ ምን ይሆናል? ምን እናድርግ?

ድምፁ ቀድሞ ይመጣል፤ ከላይ ባቡር የሚያልፍ ይመስላል። ጣሪያ ላይ ፋኑ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ውስጡ ያለው ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ዳክቱ ባይቀደድ እንኳ ብረቱ ግሎ በአቅራቢያው ያለውን እንጨት ነበልባል ሳይነካው ያያይዘዋል። ዳክት ከሚነድ ነገር ቢያንስ 46 ሳንቲ ሜትር መራቅ ያለበት፣ ወይም በተፈተነ መከላከያ መጠቅለል ያለበት ለዚህ ነው። የማጥፊያውን እጀታ ሳቡ፣ ጋዝ መዘጋቱን አረጋግጡ፣ ሰው አስወጡ፣ 911 ደውሉ፤ አዲስ አበባ ከሆነ 939። የዳክት በር ከፍታችሁ "እስቲ እንየው" አትበሉ፤ አየር ትሰጡታላችሁ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2007 በቦስተን ዌስት ሮክስበሪ በአንድ ሬስቶራንት የተነሳው እሳት የዚህ ዓይነት ነበር። መነሻው በጭስ ማውጫው ውስጥ የተጠራቀመ ቅባት ነው። እሳቱ ከኮርኒሱ በላይ ባለው ክፍት ቦታ ተደብቆ ሲነድ ቆይቶ በድንገት ወደ ምግብ አዳራሹ ወረደ፤ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ስለዚህ ምድጃው ላይ ያለው እሳት ጠፍቶ እንኳ ከሆነ የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው ኮርኒሱን በሙቀት ካሜራ ሳያዩ ቤቱን አትክፈቱ።

እሳት ሲነሳ ፋኑ ይጥፋ ወይስ ይሥራ?

አውቶማቲክ ማጥፊያ ባለው ቤት፣ አምራቹ በተለየ ካላዘዘ፣ የሚስበው ፋን እንደሠራ ይቆያል። ጭሱን ያወጣል፣ የተረጨውንም ፈሳሽ ወደ ዳክቱ ይጎትተዋል። የሚዘጋው ከውጭ አየር የሚያስገባው ፋን ነው፤ እሱ እሳቱን ይመግባል። ማጥፊያ በሌለበት ቤት ግን ፋኑ የሚጎትተው ነበልባሉን ብቻ ስለሆነ፣ ማብሪያው ከእሳቱ ራቅ ያለ ከሆነ ይጥፋ።

ፍሪየሩን ቦታ ቀየርነው፤ ማጥፊያውን የሚነካው ነገር አለ?

ከሁሉ የሚያታልለው ይህ ነው። የማጥፊያው አፍንጫዎች በእያንዳንዱ ዕቃ ልክ የተነጣጠሩ ናቸው፤ የፍሪየሩ አፍንጫ ከምድጃው አፍንጫ በመጠንም በከፍታም ይለያል። ፍሪየሩን አንድ ሜትር ወደ ግራ ካዛወራችሁት ፈሳሹ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ይረጫል። የቦታ ለውጥ ሲኖር የማጥፊያው ባለሙያ መጥቶ ማስተካከል አለበት፤ በየስድስት ወሩም ምርመራ አለው። እግረ መንገዳችሁን ፍሪየሩ ክፍት ነበልባል ካለው ጎረቤቱ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር መራቁን፣ ካልሆነም በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የብረት ግርዶሽ መኖሩን እዩ። ጎማ ያለው ፍሪየር ሲጸዳ ተጎትቶ በልኩ አለመመለሱ የተለመደ ነው፤ ወለሉ ላይ የጎማውን ቦታ በቀለም ምልክት ያደረገ አንድ ሼፍ አውቃለሁ፣ ጎበዝ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ቤታችን ዳክቱ ቀጭን ላሜራ ነው። ሙሉ በሙሉ መቀየር አለብን?

በሪቬት የተያያዘ የዚንክ ላሜራ ለአየር ማናፈሻ እንጂ ለቅባት አይሆንም። በየመጋጠሚያው ቅባት ያፈሳል፤ ዚንኩ ራሱ 420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የዳክት እሳት ደግሞ ከዚያ እጅግ ያልፋል። ትክክለኛው ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ብረት፣ መጋጠሚያው ዙሪያውን ያለ ክፍተት የተበየደ፣ አግድሙ ወደ ሁዱ ዘንበል ያለ፣ በየክርኑ በር ያለው ነው። ጎበዝ በያጅ ይሠራዋል፤ የተለየ ማሽን አይፈልግም።

ገንዘቡ አሁን ከሌለ መጀመሪያ ቱቦው ጣሪያውን ሰንጥቆ የሚወጣበትን ቦታ አስተካክሉ። ቆርቆሮው ራሱ ባይነድም፣ ከሥሩ ያለው የባሕር ዛፍ ማገርና የጨርቅ ወይም የቺፕውድ ኮርኒስ ደረቅ ነው፤ ቱቦው ከእነርሱ ጋር ተነካክቶ የሚያልፍበት ቤት ብዙ ነው። ቀዳዳው ይስፋ፣ እንጨቱ ይቆረጥ፣ ክፍተቱ በብረት ይሸፈን። ቀጥሎ በር ቁረጡለትና በየሦስት ወሩ አስፍቁት። ሦስተኛ፣ የጋዝ ሲሊንደሮቹ ከኩሽናው ውጭ ይቀመጡ፣ መዝጊያውም ከምድጃው ሳይጠጉ በሚደረስበት ቦታ ይሁን።

ዘይት የነካው ፎጣ ታጥቦ ሳለ ሊነድ ይችላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። እጥበት ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አያወጣም። በማድረቂያ ማሽን የጋለ ፎጣ ተከምሮ ሲቀመጥ የቀረው ዘይት ከአየር ጋር እየተዋሃደ ሙቀት ያወጣል፤ ክምሩ ሙቀቱን ይይዘዋል፣ ከሰዓታት በኋላም ይነዳል። የሚሆነውም ሁሉም ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ሌሊት ነው። ፎጣውን ማድረቂያው ማቀዝቀዣ ዙሩን ጨርሶ ያውጡት፣ ዘርግተው ያቀዝቅዙት፤ ያልታጠበውን ደግሞ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ያኑሩት።